ድሃ አገር ለምን ድሃ ሆኖ ይቀራል? ጥያቄና መልስ

«አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ሮስቶው ሁሉም አገር በአንድ የዕድገት መንገድ ያልፋል ይላል። ታዲያ ብዙዎቹ ለምን መንገድ ላይ ቀሩ?»

እሱ በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ አምስት ደረጃዎች አስቀምጧል። ወሳኙ ሦስተኛው ነው። አገሩ ለኢንቨስትመንት የሚያውለው ገንዘብ ከገቢው 5 በመቶ ገደማ ተነስቶ ከ10 በመቶ ሲያልፍ፣ እንደ አውሮፕላን ከመሬት ይነሳል ባይ ነው። ለእኔ ድክመቱ እዚህ ጋ ነው፦ መነሻው የብሪታንያ ታሪክ ነው። ብሪታንያ ስትጀምር ግን ቀድሟት ገበያውን የያዘ ባለ ፋብሪካ አገር አልነበረም።

«ሌላው ሐሳብ፣ የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ የሚሉት፣ ቅኝ ገዢዎች ዘርፈው ስለሄዱ ደኸየን ማለት ነው፣ አይደል?»

ግማሹን አግኝተኸዋል። ጠንካራው ክርክር ግን ዝርፊያው ካለቀ በኋላ ስላለው ንግድ ነው። አርጀንቲናዊው የኢኮኖሚ ምሁር ራውል ፕሬቢሽ የብሪታንያን የንግድ ዋጋዎች መረመረ። በ1870ዎቹ መጨረሻ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ምርት ዋጋ አንጻር 100 ነበር ብንል፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ 64 ወርዷል። በቀላሉ፣ ያው አንድ ጆንያ ጥሬ ዕቃ ድሮ ከሚገዛው የፋብሪካ ዕቃ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይገዛም። ምክንያቱ? በበለጸገው አገር ምርታማነት ሲጨምር ሠራተኛው ተደራጅቶ ደመወዙን ያስጨምራል። ጥሬ ዕቃ አምራቹ ምርቱን ሲያበዛ ግን ዋጋው ይወርዳል፣ ትርፉም ለገዢው ይሆናል።

አንድ እንከን አለበት። ብሪታንያ ያስገባችው ዕቃ ዋጋ የመርከብ ኪራይን ይጨምር ነበር። በእንፋሎት መርከብ ዘመን ኪራዩ ረክሷል። ስለዚህ ከቅናሹ ከፊሉ የማጓጓዣው እንጂ የአምራቹ ኪሳራ አይደለም።

«ወንድሜ ፋብሪካ ይሠራል። ማሽኑ አዲስ ነው፣ ደመወዙ ግን ያው። ዘመናዊነት የሚሉት ይሄ ነው?»

ጥያቄው ስለ አገር ነበር፣ ግን ጥሩ ነገር አነሳሽ። የጥገኝነት ምሁራኑ ካርዶሶና ፋሌቶ በ1969 ያሉት ይህንኑ ይመስላል፦ ፋብሪካ ገብቶም ጥገኝነት ሊቀጥል ይችላል። ማሽኑን የሚነድፈው ማነው? መለዋወጫው የት ይሠራል? ትርፉስ የት ይሄዳል? እነዚህን ጠይቂ።

«ደቡብ ኮሪያን የሮስቶው ደረጃዎችም የጥገኝነት ሐሳብም አይገልጿትም። ምን ትላለህ?»

የብረት ፋብሪካዋን እንይ። የዓለም ባንክ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገና አያዋጣችሁም ብሎ አልደገፈውም። ኮሪያውያን ግን በ1965 ከጃፓን ጋር በተፈራረሙት ስምምነት ካገኙት ገንዘብ ከፊሉን አዋሉበት። ቴክኖሎጂውንም ከጃፓን ወሰዱ። በ1973 ብረት ማምረት ጀመረ፣ በኋላም ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። በሮስቶው ደረጃዎች ለሚያምኑት መልሱ፣ ዕድገቱ ደረጃውን ጠብቆ በራሱ አልመጣም፤ መንግሥት ባንኮቹን ይዞ ብድሩን እየመራ ነው ያመጣው። ድሃ አገር ከዓለም ገበያ ካልተላቀቀ አያድግም ለሚሉት የጥገኝነት ምሁራን፣ ለነአንድሬ ጉንደር ፍራንክ ደግሞ፣ ከዓለም ገበያ ሳይቆረጡ፣ ያውም ከቀድሞ ቅኝ ገዢያቸው ከጃፓን ጋር ሠርተው ማደግ ተችሏል።

«አልስማማም። ኮሪያን ያሳደጋት የአሜሪካ ዶላር ነው።»

በ1950ዎቹ ዕርዳታው ከፍተኛ ነበር፣ ልክ ነህ። ግን ፈጣኑ ዕድገት የመጣው ዕርዳታው እየቀነሰ ሲሄድ ነው። ለዕድገቱ ይበልጥ ያገዘው የባለርስቶች መሬት ለገበሬ መከፋፈሉ ነው ወይስ በቀዝቃዛው ጦርነት ምክንያት የተከፈተላቸው ገበያ? በዚህ ላይ ምሁራኑ ዛሬም እየተከራከሩ ነው። እኔ ወደ መሬቱ አደላለሁ፤ ባለርስቱ ስለተዳከመ መንግሥትን ከፋብሪካ የሚያስቀር ጉልበተኛ አልነበረም።