ሩቁ በስንት ያንሳል?

«ርቀትን በጠፍጣፋ ገጽ ላይ የማሳያ ዘዴ የሆነውን ፐርስፔክቲቭን ያገኘው ጣሊያናዊው የሕንፃ ባለሙያ ብሩኔለስኪ ነው ይባላል። ከእሱ በፊት የነበሩት ሠዓሊዎችም ሩቁን አሳንሰው ይሥሉ ነበር፤ ታዲያ አዲስ የሆነው ምኑ ነው?»

አዲሱ ነገር ልኩ ነው። የሲየናው ሠዓሊ አምብሮጆ ሎሬንሴቲ እ.ኤ.አ. በ1344 በሣለው የብሥራት ሥዕል ላይ ወደ ውስጥ የሚሄዱት የወለል መስመሮች ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባሉ። ያን ጊዜ ያልነበረው፣ አግዳሚዎቹ መስመሮች ወደ ውስጥ በራቁ ቁጥር ምን ያህል መቀራረብ እንዳለባቸው የሚወስን መንገድ ነው። ይህም የሚታወቀው ተመልካቹ የት እንደቆመ አስቀድሞ ሲወሰን ብቻ ነው።

ብሩኔለስኪ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በፍሎረንስ ያሳየው ይህንኑ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ማኔቲ እንደሚለው፣ በካቴድራሉ በር ውስጥ ሦስት ክንድ ያህል ገባ ብሎ ፊት ለፊት ያለውን የቅዱስ ዮሐንስን የጥምቀት ቤት ግማሽ ክንድ በግማሽ ክንድ በሆነች ሰሌዳ ላይ ሣለ። ሰሌዳዋን ቀዳት፤ ቀዳዳው በሥዕሉ በኩል የምስር ፍሬ ያህል ነበር። ተመልካቹ ከጀርባ በኩል ዓይኑን ቀዳዳው ላይ አድርጎ፣ ሥዕሉን በሌላ እጁ በያዘው መስታወት ውስጥ ያየዋል። በሰማዩ ቦታ የተወለወለ ብር ስለ ነበር እውነተኛው ደመና እዚያ ላይ ሲያልፍ ይታይ ነበር። ሰሌዳዋ ዛሬ የለችም፤ ቀዳዳዋ ግን ሥዕሉ እውነት የሚመስለው ለአንድ ዓይን፣ ከአንድ ቦታ ብቻ መሆኑን ትነግረናለች።

ሠዓሊ ሁሉ ሊሠራበት የሚችለውን ዘዴ በጽሑፍ ያኖረው ጣሊያናዊው ሊቅ አልበርቲ ነው፣ በ1435። ማታ ማታ ሥዕል ሳስተምር ይህንኑ በማስመሪያ አሠራቸዋለሁ። የወረቀቱን ግርጌ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ እንከፍላለን፤ ከግርጌው 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለን የአድማስ መስመር እናሰምርና በላዩ አንድ ነጥብ መርጠን ክፍፍሎቹን ሁሉ ከእርሱ ጋር እናገናኛለን። ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ ነገሩን ከጎን እናየዋለን፦ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሥዕሉ ነው፤ ከፊቱ 24 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ዓይን አለ፤ ከኋላው በወለሉ ላይ በ6፣ በ12፣ በ18 እና በ24 ሴንቲ ሜትር ምልክት አለ። ከዓይኑ ወደ እያንዳንዱ ምልክት መስመር ሲሳብ፣ ቀጥ ያለውን መስመር በ3.6፣ በ6፣ በ7.7 እና በ9 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያቋርጠዋል። አግዳሚ መስመሮቹ የሚቀመጡት በእነዚህ ከፍታዎች ላይ ነው።

በዘመኑ የነበሩ አንዳንድ ሠዓሊዎች እያንዳንዱን ረድፍ የቀዳሚውን ሁለት ሦስተኛ ያደርጉት ነበር፤ አልበርቲ ይህን ስሕተት ብሎታል። ተማሪዎቼም ሳይነገራቸው ወደዚሁ ይሄዳሉ። በእኛ ወለል የመጀመሪያው ረድፍ 3.6፣ ሁለተኛው 2.4 ስለሆነ እስከዚያ ልክ ይመስላል፤ ሦስተኛው ግን 1.6 ይሆናል፣ መሆን ያለበት 1.7 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ በዚያ አካሄድ ወለሉ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ከ10.8 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ አድማሱ ግን 18 ላይ ነው። ስሕተቱን ለመያዝ ከአንዱ ካሬ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ መቀጠል ነው። ወለሉ ትክክል ከሆነ መስመሩ የተከታታዮቹን ካሬዎች ማዕዘኖች ሁሉ ይነካል፤ ካልሆነ ይስታቸዋል። ይህንንም መፈተኛ የሰጠው አልበርቲ ነው።

የቦታ አደረጃጀትን የለወጠውም ይህ ወለል ነው። ቀድሞ ሠዓሊው ሰዎቹንና ቤቶቹን ይሥላል፤ ቦታ የሚባለው በመካከላቸው የቀረው ነበር። የሰውንም መጠን ክብሩ ይወስነው ነበር፤ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር አንሶ ተደፍቶ እንደምናየው ማለት ነው። ይህ የሥርዓት ምርጫ እንጂ አለማወቅ አይደለም። በአልበርቲ ዘዴ ግን አስቀድሞ የሚሠራው ወለሉ ነው፤ የካሬው ጎን አንድ ክንድ፣ የሰው ቁመት ሦስት ክንድ ነው፤ እግሩ ያረፈበት ካሬ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ሲታወቅ ቁመቱም ይታወቃል። አድማሱ በሰው ዓይን ከፍታ ከሆነ ደግሞ፣ በቅርብም በሩቅም የቆሙት ሰዎች ራስ በዚያው መስመር አካባቢ ይውላል፤ የሚለያዩት እግሮቻቸው ናቸው።

ከአልበርቲ መጽሐፍ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሠዓሊው ማሳቾ በፍሎረንስ በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን በሣለው የሥላሴ ሥዕል ላይ ይህ ሁሉ ይታያል። መስመሮቹ የሚገናኙት ከመስቀሉ ግርጌ፣ በቆመ ተመልካች ዓይን ከፍታ አካባቢ ነው፤ ለመለኪያ በልስኑ ላይ የጫራቸው መስመሮች ዛሬም ይታያሉ። ከፊት የተንበረከኩት አሠሪ ባልና ሚስትም ከማርያምና ከዮሐንስ አላነሱም። አብ ግን ከበላያችን ከፍ ብሎ ሳለ ከታች እንደሚታይ ሆኖ አልተሣለም፤ ፊት ለፊት ይታያል። ማሳቾ ጣሪያውን በሙሉ ለተመልካቹ ዓይን ሲያስገዛ፣ እርሱን አላስገዛም።