የሕግ ምክር፦ ለታመመች ጎረቤት ገንዘብ ስንሰበስብ መልእክቱ ምን ይበል?

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ አዲስ አበባ በሚገኝ የግል ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታለች፤ ራሷን አታውቅም። ባለቤቷ ያለውን ከፍሎ ጨርሷል። እኛ ስድስት የሰፈር ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመን በቴሌግራምና በፌስቡክ እርዳታ ልንጠይቅ ነው። እህቷም አሜሪካ ሆና ጎፈንድሚ ልትከፍት አስባለች። በሕግ የሚያስጠይቀን ነገር አለ? መልእክቱስ እንዴት ይጻፍ?

መልስ፦ አስቀድመን ቁጥራችሁን እንመልከት። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ለበጎ አድራጎት ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ ሲሰባሰቡ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ይባላሉ፤ ሥራ የሚጀምሩትም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን ፈቃድ አግኝተው ነው። ስድስት ሆናችሁ «ኮሚቴ» በሚል ስም አደባባይ ብትወጡ ይህ ግዴታ ይመለከታችኋል። ዕድርና ዕቁብ ግን ከአዋጁ ውጭ ስለሆኑ ዕድራችሁ ከገዛ አባላቱ ቢያዋጣ በዚህ አዋጅ የሚጠይቀው የለም።

ሕመምተኛዋ ፈቃድ እስኪወጣ መጠበቅ በማትችልበት ሁኔታ ላይ ስለሆነች የምመክረው ጠያቂው ባለቤቷ ራሱ እንዲሆን ነው። መልእክቱ በእሱ ስም ይውጣ፤ ከእናንተ ሁለታችሁ ብቻ በገንዘቡ አያያዝ ላይ አብራችሁት ፈርሙ፤ የቀራችሁት መልእክቱን አዳርሱ፣ ሆስፒታል ተመላለሱ፣ ገንዘብ ግን በእጃችሁ አይግባ። ቤት ለቤት መዞር፣ ዝግጅት ማሰናዳት ወይም ለወራት የሚዘልቅ ማሰባሰብ ካሰባችሁ ግን ፈቃዱን አውጡ።

ቀጥሎ የባንክ ሒሳቡ። ብዙ ሰው በሕመምተኛዋ ስም ባለው ሒሳብ መሰብሰቡን እንደ ትልቅ ግልጽነት ያየዋል፤ በእናንተ ጉዳይ ግን ችግር ያመጣል። ራሷን ስለማታውቅ ቼክ አትፈርምም፤ ውክልናም መስጠት አትችልም። ሞት ቢመጣ ደግሞ በሒሳቡ ያለው ገንዘብ የውርስ ሀብት ይሆናል፤ ባንኩም ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ እስኪቀርብለት ይይዘዋል። የሆስፒታሉ ዕዳ ሳይከፈል ለጋሾች ለሕክምና ያወጡት ብር ለወራት ታግዶ ይቀመጣል። በባለቤቷ የግል ሒሳብ መሰብሰብም አይበጅም፤ ገንዘቡ ከደመወዙና ከቤት ወጪው ጋር ይቀላቀላል፣ በሌላ ዕዳ ቢከሰስም በፍርድ ቤት ሊታገድ ይችላል።

ስለዚህ በባለቤቷና በሁለታችሁ ስም አዲስ የጋራ ሒሳብ ክፈቱ። ወጪ የሚሆነውም በሦስቱ ጣምራ ፊርማ ይሁን፤ አንዱ ቢቀር እንኳ ከሁለት ፊርማ አይነስ። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ጻፉ፦ ገንዘቡ የሦስቱ የግል ሀብት እንዳልሆነ፣ የሚውለው ለሕክምናዋ ብቻ እንደሆነ፣ ከተረፈ የት እንደሚገባ። ሦስታችሁም፣ ሁለት ምስክሮችም ፈርሙበት። ነገ ከፈራሚዎቹ አንዱ ቢሞት ወይም ቢከሰስ ገንዘቡ የእሱ እንዳልሆነ የምታስረዱበት ሰነድ ይህ ነው።

ወደ መልእክቱ እንምጣ። የሚከተለውን በራሳችሁ ቁጥር አስተካክሉት፤ እዚህ ያሉት አሃዞች ለምሳሌ የተጻፉ ናቸው።

«እኔ (ሙሉ ስም) የወ/ሮ (ሙሉ ስም) ባለቤት ነኝ። ባለቤቴ ድንገት ታማ ከጥቅምት 3 ጀምሮ በ(የሆስፒታሉ ስም) ጽኑ ሕሙማን ክፍል ትገኛለች። ሆስፒታሉ ጥቅምት 10 በሰጠን ፕሮፎርማ መሠረት ለቀዶ ሕክምናና ለክትትል 680,000 ብር ያስፈልጋል። ቤተሰቡ 150,000፣ ዕድራችን 80,000 ብር ሸፍነናል፤ የጎደለን 450,000 ብር ነው። ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ሰዎች ስም በተከፈተው በዚህ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፦ (ቁጥርና በባንኩ የተመዘገቡት ስሞች)። ክፍያው በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይፈጸማል። በየሦስት ቀኑ የገባውንና የወጣውን እናሳውቃለን። የጎደለው ሲሞላ ወይም ኅዳር 10 ሲደርስ ማሰባሰቡ ይዘጋል። የተረፈ ካለ ለማገገሚያ ሕክምናዋ ይውላል፤ ለዚያ የማያስፈልግ ከሆነ በዚያው ሆስፒታል መክፈል ላቃታቸው ሕሙማን ሒሳብ ይከፈላል። መጠየቅ የሚፈልግ በ(ስልክ) ይደውል።»

የፕሮፎርማውን ቀን የጻፍኩት በምክንያት ነው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጪ በአልጋ ቀን ስለሚቆጠር የዛሬው አሃዝ በሳምንቱ ይለወጣል። ቀን ሳይኖረው አሃዙ በኋላ ሲጨምር የለገሰው ሰው ተታለልኩ ይላል። ጨመረ ከተባለ አዲሱን ፕሮፎርማ ይዛችሁ የድሮውንና የአዲሱን ልዩነት ጻፉ። ሰው ልቡ እንዲነካ ብሎ አሃዙን ማናር ወይም የተሸፈነውን መደበቅ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የማታለል ክስ ሊያስከትል ይችላል። ከተሰበሰበው ላይ ለሌላ ጉዳይ «ለጊዜው» ማንሳትም በአንቀጽ 675 በእምነት ማጉደል ያስጠይቃል፤ እመልሰዋለሁ ብሎ ማሰብ አያድንም።

ትርፉን የሚመለከተውን ዓረፍተ ነገር ብዙ ቤተሰብ ሟርት መስሎት ያወጣዋል። አታውጡት። ጥል የሚነሳው በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው፤ ሕመምተኛዋ ብታርፍ ዘመድ ለቀብርና ለተዝካር፣ ለጋሽ ደግሞ ለሕክምና ብዬ ነው የሰጠሁት ይላል። እኔ የጻፍኩት «ለዚያ የማያስፈልግ ከሆነ» ሞትን ስሙን ሳይጠራ ይሸፍናል። ቤተሰቡ ትርፉ ለልጆቿ ትምህርት እንዲውል ከፈለገም መልካም ነው፤ ግን ገንዘብ ሳይገባ በፊት ይጻፍ።

ፎቶግራፍን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት አይቻልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል። እሷ ፈቃዷን መስጠት ስላልቻለች ቱቦ ተሰክቶላት የተነሳችውን ፎቶ አታውጡ። ነቅታ ስታየው ምን ይሰማታል ብላችሁ አስቡ። በጤንነቷ ጊዜ ከተነሳችው ባለቤቷ የመረጠው አንድ ፎቶ ይበቃል፤ ያለ ፎቶም ይሆናል። የሕክምና ወረቀት ሲለጠፍ የካርድ ቁጥሯ፣ የምርመራ ውጤቷና ሌላ የጤና ታሪኳ ይሸፈን፤ የሆስፒታሉ ማኅተም፣ ቀኑና ድምሩ ይታይ።

መልእክቱ ከተሰራጨ በኋላ ሌላ ሰው ጽሑፉን እንዳለ ገልብጦ የባንክ ቁጥሩን ብቻ ሊቀይር ይችላል። በሞባይል ባንክ ሲላክ ከማረጋገጡ በፊት የተቀባዩ ስም ስለሚታይ ስሞቹን ባንኩ እንዳስመዘገበው ፊደል በፊደል ጻፉ፤ ሌላ ስም ከመጣ እንዳይልኩም ንገሯቸው። ሐሰተኛ ቁጥር ካያችሁ የገጹን ምስል ይዛችሁ ለባንኩና ለፖሊስ በዚያው ቀን አመልክቱ።

ጎፈንድሚ ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ አይልክም፤ ስለዚህ አውጪዋ እህቷ ትሆናለች። ይህ በገጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ ማን እንደሚያወጣው፣ በምን መንገድ ወደ ጋራ ሒሳቡ እንደሚገባ። በአሜሪካ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ስለሚቆረጥ የሚደርሰው ከሚታየው ያንሳል። ሁለቱ ማሰባሰቢያዎች የሚፈልጉት ያንኑ 450,000 ብር መሆኑን በሁለቱም ላይ ግለጹ፤ ያለዚያ አንድን ዕዳ ሁለት ጊዜ እንደጠየቃችሁ ይቆጠራል።

በየሦስት ቀኑ የምታወጡት ሪፖርት አራት መስመር ይበቃዋል፦ ከባንክ የገባ፣ ከጎፈንድሚ የደረሰ፣ ለሆስፒታል የተከፈለ ከደረሰኝ ቁጥር ጋር፣ የቀረ። የለጋሾችን ስም ያለ ፈቃዳቸው አትዘርዝሩ። ሲዘጋ የባንክ መግለጫውንና ደረሰኞቹን አባዝታችሁ አንዱን ቅጂ ለባለቤቷ፣ አንዱን ለዕድሩ ጸሐፊ ስጡ፤ ሒሳቡንም በባንኩ አዘጉት።