አቶርቫስታቲን ለሚወስዱ ሰዎች ቀይ እርሾ ሩዝ ስለ መጨመር

ጥያቄ፦ «እናቴ ልቧን ካመማት ወዲህ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። እህቴ ከአሜሪካ ቀይ እርሾ ሩዝና ኪው 10 ያለበት እንክብል ላከችላት፤ ሩዝ ስለሆነ አይጎዳም ብላ አብራ ጀመረች። አሁን ሁለቱንም ጭኖቿን ያማታል። ኪው 10 ለብቻው ልጨምርላት ወይስ አቶርቫስታቲኑን ላስቁማት?»

ሁለቱንም ባያደርጉ ይሻላል። ዛሬውኑ መቆም ያለበት ከአሜሪካ የመጣው እንክብል ነው። አቶርቫስታቲኑ ግን ልባቸውን የሚጠብቅላቸው መድኃኒት ስለሆነ፣ ስለ እርሱ የሚወስነው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው፤ ቀጠሯቸው ሩቅ ከሆነም ቀኑን ሳይጠብቁ ቢያሳዩአቸው መልካም ነው።

ቀይ እርሾ ሩዝ ሞናስከስ የተባለ ሻጋታ የበቀለበት ሩዝ ነው። ሻጋታው ከሚያመነጫቸው ነገሮች አንዱ ሞናኮሊን ኬ ይባላል፤ ይህም በኬሚካላዊ ቅርጹ ሎቫስታቲን ከተባለው፣ በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ከተፈቀደው የኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር አንድ ዓይነት ነው። አቶርቫስታቲንም ሎቫስታቲንም ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች ወገን ናቸው፤ ስለዚህ እናትዎ የሚወስዱት አንድ ስታቲንና አንድ የምግብ ማሟያ ሳይሆን ሁለት ስታቲን ነው። ሁለቱም ጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል የሚሠራውን ያንኑ ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ጡንቻን የማወክ ጠባያቸውም እንደዚሁ ይደራረባል።

ጎንደር ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ከእናትዎ ጋር የሚመሳሰሉ አንዲት የአዘዞ እናት ገጥመውኛል። ለቡና ከተቀመጡበት በርጩማ ሲነሡ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ሳይደግፉ መቆም አቃታቸው፤ ፀጉራቸውን ሲሠሩም ትከሻቸው ይዝል ጀመር። የስታቲን የጡንቻ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንዲህ ነው፤ በሁለቱም ጎን፣ በጭን፣ በዳሌና በትከሻ ትልልቅ ጡንቻዎች ላይ ይከሰታል፤ የሚጀምረውም አዲስ መድኃኒት ከተጨመረ ወይም መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ነው። አንድ እግር ብቻ የሚያም፣ መገጣጠሚያ የሚያብጥ ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። የቤት መድኃኒታቸውን በሙሉ በከረጢት እንዲያመጡ ስጠይቃቸው ከአቶርቫስታቲኑ ሥር ልጃቸው የላከችው ጠርሙስ ተገኘ። መለያው ላይ በሁለት እንክብል 1200 ሚሊ ግራም ቀይ እርሾ ሩዝና 100 ሚሊ ግራም ኪው 10 እንዳለው ተጽፏል፤ ስለ ሞናኮሊን ግን አንድም ቃል የለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሞናኮሊን ኬ ከጥቂት ርዝራዥ በላይ ያለበትን ምርት ያልተፈቀደ መድኃኒት ብሎ ስለሚቆጥረው፣ አምራቾች መጠኑን መጻፍ አይፈልጉም። በዚህ ምክንያት አንዱ ጠርሙስ ምንም የማይረባ፣ ሌላው ደግሞ በመጠኑ እውነተኛ ስታቲን የሆነ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ከመለያው ማወቅ አይቻልም። አንዳንዱ ምርት ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዳ ሲትሪኒን የተባለ የሻጋታ መርዝ እንዳለበት በምርመራ ታይቷል።

ሐኪማቸው ክሪያቲን ካይኔዝ የተባለውን የጡንቻ ኢንዛይም በደም አስመረመረ፤ ከመደበኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ልባቸው የታመመ ስለነበረ አቶርቫስታቲኑን ሳያቆም እንክብሉን ብቻ አስወገደ። ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ቀለለ፤ ምርመራው ሲደገምም ወርዶ ነበር። ውጤቱ ከጣሪያው አሥር እጥፍ ቢያልፍ ኖሮ ሁለቱም ይቆሙ ነበር።

ኪው 10 ሴሎቻችን ኃይል ለማመንጨት የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ነው፤ ከስታቲን የጡንቻ ሕመም ይከላከላል የሚለው ሐሳብ መሠረት የለውም አልልም። ሰውነታችን ኪው 10ን የሚሠራው ኮሌስትሮልን በሚሠራበት በዚያው መንገድ ስለሆነ ስታቲን በደም ውስጥ ያለውን መጠን ይቀንሰዋል። ይሁን እንጂ እርሱን መውሰድ የጡንቻ ሕመሙን ያስታግሣል ወይ ለሚለው ጥያቄ በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች የተለያየ መልስ ነው የሰጡት፤ አንዳንዶቹ ጥቂት ጥቅም አይተዋል፣ ሌሎቹ ምንም አላዩም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሚያሳድረው መተማመን ነው፤ «መከላከያውም አብሮ አለበት» ተብሎ ሁለተኛው ስታቲን ሳይጠረጠር ይቀራል። ኪው 10 ትርፍ የሆነውን ስታቲን አያረክስም። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ደግሞ የደም ማቅጠኛውን ኃይል ሊያዳክም ስለሚችል ሳይነገር መጀመር የለበትም።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ጠርሙሱን ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ እናትዎ በዚህ ሰሞን ክላሪትሮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን ወስደው እንደሆነም ይንገሩ፤ እነዚህ አንቲባዮቲኮች አቶርቫስታቲንንም ሎቫስታቲንንም በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ። ሽንታቸው እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ወይም እግራቸው ከደከመ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ፤ የፈረሰ ጡንቻ ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል። እንክብሉ ከቆመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሕመሙ ካልተሻለ፣ የእንቅርት ዕጢ መዳከም ያንኑ ዓይነት የጡንቻ ሕመም ስለሚያመጣና የስታቲኑንም ጉዳት ስለሚያብስ የታይሮይድ ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ።