«መብቱ የባለቤቱ ነው» ብለን ብንጽፍስ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ሠርግ እቀርጻለሁ። ዩቲዩብ ላይ የጫንኩት ቪዲዮ ዲስክሪፕሽን ላይ የዘፋኞቹን ስም በሙሉ ጽፌ “መብቱ የባለቤቱ ነው፣ ለመዝናኛ ብቻ” ብዬ ነበር። በተጫነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ክሌም መጣብኝ። ውጭ አገር ያሉት የሙሽራው ዘመዶችም አይከፈትልንም አሉ። ስም ጠርቼ ምን አጠፋሁ?» (ከሰበታ)

ስም በመጥራትዎ ያጠፉት የለም፤ ያተረፉትም የለም። ክሌሙን የላከው ኮንተንት አይዲ የሚባለው የዩቲዩብ ሥርዓት ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያመሳክረው ድምፅና ምስል ብቻ ነው። የመብት ባለቤቶች ያስገቧቸውን ናሙናዎች ከእርስዎ ቪዲዮ ጋር ያስተያያል፤ ዲስክሪፕሽን አያነብም። ተመሳሳይ ሲያገኝ ባለቤቱ አስቀድሞ የመረጠው እርምጃ ይፈጸማል፦ ማስታወቂያ አስገብቶ ገቢውን መውሰድ፣ የተመልካቹን ቁጥር መከታተል ወይም ቪዲዮውን ማገድ። ምርጫው በአገር ሊለያይ ስለሚችል ነው ሰበታ የሚከፈተው ቪዲዮ ሌላ አገር ላይ የተዘጋው። «መብቱ የባለቤቱ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር፣ ልብ ብለው ካዩት፣ ያለ ፈቃድ መጠቀምዎን ራስዎ መመስከር ነው።

ደግነቱ ክሌም ስትራይክ አይደለም። ስትራይክ የሚመጣው ባለቤቱ ቪዲዮው እንዲወርድ ሕጋዊ ጥያቄ ሲያቀርብ ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ክሌም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው ያንኑ ቪዲዮ ብቻ ነው።

አሁን YouTube Studio ይግቡ። Content ውስጥ ከቪዲዮው ጎን Copyright የሚለውን ይንኩና See details ይክፈቱ። እያንዳንዱ ክሌም ከስንት ደቂቃ እስከ ስንት ደቂቃ እንደሆነና ምን እንደከለከለ ያሳያል። መጀመሪያ የሚያግደውን ይለዩ፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ መክፈቻው ላይ እርስዎ በኤዲቲንግ የጨመሩት ዘፈን ከሆነ Replace song ብለው ከዩቲዩብ ላይብረሪ በሌላ ይተኩት፤ ሥዕሉ አይነካም። ኬክ ሲቆረስ ዲጄው የከፈተው ዘፈን ከሆነ ግን የአማቶች ድምፅ፣ እልልታና ዘፈኑ አንድ ላይ ተቀላቅሏል። Erase song ዘፈኑን ነጥሎ ለማውጣት ይሞክራል፤ ዘፈኑ ጮክ ካለ እልልታውንም ይዞት ሊሄድ ስለሚችል ውጤቱን ሰምተው ይወስኑ። Trim out segment ትዕይንቱን ራሱን ስለሚቆርጥ ለሠርግ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ማስተካከያው ከተሳካ ክሌሙ በራሱ ይነሳል።

ለሚቀጥለው ሠርግ፦ ሲጭኑ Checks የሚለው ገጽ ላይ ምርመራው እስኪያልቅ ይጠብቁ። ቪዲዮው ለሰው ሳይታይ ችግሩ እዚያው ይወጣል። ሙሉውን ቅጂ ለቤተሰቡ በፍላሽ ይስጡ፤ ዩቲዩብ ላይ የሚወጣውን በተፈቀደ ሙዚቃ ለብቻ ያሰናዱ።

«ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነና ምንጭ ከጠቀስኩ ችግር የለውም ይባላል። እውነት ነው?» (ከሱሉልታ)

አይደለም። ነፃ የሆነ የሰከንድ ቁጥር የለም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል፤ ግን መጠኑ ለዓላማው ከሚያስፈልገው እንዳያልፍ፣ አጠቃቀሙም ተገቢ እንዲሆን ይጠይቃል። ምንጭና የባለቤት ስም መጥቀስ ከነዚህ ጋር የሚሟላ ግዴታ እንጂ የነሱ ምትክ አይደለም። የምትተቸውን ንግግር አሳይቶ መተቸትና ዳራ ለማሳመር ዘፈን መለጠፍ አንድ አይደሉም።

«ታዲያ ክሬዲት የሚጠቅመው መቼ ነው? ከነፃ ሙዚቃ ላይብረሪ አንዱን ወስጃለሁ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» (ከለገጣፎ)

ባለቤቱ «ተጠቀሙ፣ ስሜን ግን ጥቀሱ» ብሎ ሲፈቅድ። እዚህ ላይ ክሬዲት ዋጋው ነው፤ ካልከፈሉት ፈቃዱ ይቋረጣል። የዩቲዩብ ላይብረሪ ውስጥ አንዳንዱ ትራክ ስም መጥቀስ አይጠይቅም። CC BY የሚል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ያለበት ግን ይጠይቃል፤ ላይብረሪው የሚሰጠውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጠው ዲስክሪፕሽኑ ላይ ይለጥፉ። ከሌላ ድረ ገጽ የወሰዱት ከሆነ እንዲህ ይበቃል፦

```
ሙዚቃ፦ የትራኩ ርዕስ፣ የሠሪው ስም
ምንጭ፦ የወሰዱበት ገጽ ሊንክ
ፈቃድ፦ CC BY 4.0
https://creativecommons.org/licenses/by/4.0/
ለውጥ፦ ከመሃሉ ተቆርጦ አጥሯል
```

ብዙ ሰው የሚዘለው የመጨረሻውን መስመር ነው፤ ቆርጠው ወይም ቀይረው ከሆነ መናገር አለብዎት። «ሙዚቃ፦ ከዩቲዩብ» የሚለው የተለመደ አጻጻፍ ደግሞ ምንም አይነግርም።

የፈቃዱን ፊደሎችም ያንብቡ። NC ካለበት ለገቢ ማግኛ አይሆንም። ND ካለበት ቪዲዮ ላይ ማስገባት አይቻልም፤ ሙዚቃን ከምስል ጋር ማቀናጀት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ዘንድ እንደ ማሻሻል ይቆጠራልና ስም ቢጠቅሱም አያድንም። ቪዲዮውን ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ የሚደግሙ ከሆነ ዲስክሪፕሽኑ አብሮ አይሄድም፤ ክሬዲቱን መጨረሻው ላይ በስክሪን ያስገቡ።

«የከተማዋን የድሮን ምስል ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚል ቪዲዮ ወስጄ የቻናሉን ስም ከነሊንኩ ጻፍኩ። የሙዚቃ ክሌም መጣ።» (ከገላን)

ሰውየው የፈቀደው የራሱን ነው። ምስሉን እሱ ቀርጾት ይሆናል፤ ከሥር ያለው ዘፈን ግን የእሱ ካልሆነ ሊፈቅደው አይችልም። ድምፁን አጥፍተው ምስሉን ብቻ ይጠቀሙ፤ ክሬዲቱ ባለበት ይቆይ። ሌላም ይጠንቀቁ፦ ምስሉን ራሱ ከሌላ ቻናል ያነሳው ሊሆን ይችላል። የሌሎቹ ቪዲዮዎቹ ጥራትና አቀራረጽ በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ፣ ጥግ ላይ የደበዘዘ የሌላ ሎጎ ከታየ፣ ይተዉት።

«ዘፋኙ ጓደኛዬ ነው፣ በስልክ “ተጠቀምበት” ብሎኛል፤ ስሙንም ጽፌያለሁ። ሆኖም ክሌም መጣ። ልከራከር?» (ከቡራዩ)

ገና አይከራከሩ። አንድ ዘፈን ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብርና ቀረጻ አለው፤ ቀረጻውን አሳታሚው ይዞት ከሆነ የጓደኛዎ ቃል ብቻውን አይበቃም። ክሌሙን የላከው ማን እንደሆነ See details ላይ ስሙ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ዘፈኑን በየመድረኩ የሚያሰራጨው ድርጅት ነው። ጓደኛዎ መብቱ በእጁ ከሆነ የቪዲዮዎን ሊንክ ልኮ «ክሌሙን አንሱለት» ብሎ ቢጽፍላቸው በጣም አጭሩ መንገድ ነው።

እምቢ ካሉ Dispute ውስጥ License የሚለውን ይምረጡ። በ5 ቀን ውስጥ ካቀረቡት፣ ቪዲዮው ገቢ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ገቢው ከክሌሙ ቀን ጀምሮ ተይዞ ይቆያል። ክሌም ያቀረበው ወገን መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ ዝም ካለ ክሌሙ ይነሳል። ማስረጃ ሳይዙ ግን አይሞክሩት፤ ቪዲዮው እንዲወርድ ከጠየቀ ስትራይክ ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ ከስልኩ ቃል ይልቅ አጭር ጽሑፍ ይቀበሉ፦ የዘፈኑ ርዕስ፣ ፈቃጁ የትኛው መብት ባለቤት እንደሆነ፣ በየትኛው ቻናል፣ ገቢ ማግኘት መፈቀዱ፣ ቀንና ፊርማ። ግጥምና ዜማው የሌላ ሰው ከሆነ የእሱም ፊርማ ይጨመር።