የመንጃ ፈቃድ ቲዎሪ፦ «ትክክል ያልሆነው» እና «ሁሉም» ሲመጡ

«ሰላም ለሁላችሁ። የመንጃ ፈቃድ ቲዎሪ ልፈተን ነው። ትምህርቱን አውቀዋለሁ። ግን "ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?" ሲል ትክክለኛውን መርጬ እገኛለሁ። "ሁሉም" የሚል ምርጫ ሲኖር ደግሞ ግራ ይገባኛል። ዘዴ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።»

ሰላም እህቴ። ማሰልጠኛ ውስጥ ቲዎሪ አስተምራለሁ፤ ይህን ጥያቄ በየዙሩ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። ትምህርቱን ያላጠና ሰው የትም ይሳሳታል። ያጠናው ሰው ነጥብ የሚጥለው ግን ባብዛኛው አንቺ በጠቀስሻቸው ሁለቱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ዓይንሽ የት ላይ እንደሚስት ልንገርሽ። በአማርኛ ጥያቄ ውስጥ አፍራሹ ቃል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «በናፍጣ ሞተር ውስጥ የሚገኘው የቱ ነው?» እና «በናፍጣ ሞተር ውስጥ የማይገኘው የቱ ነው?» የሚሉትን እያቸው። የሚለያዩት «ሚ» እና «ማይ» ላይ ብቻ ነው። የተጣደፈ ሰው «ናፍጣ ሞተር» የምትለዋን ሲያይ ጥያቄው የገባው ይመስለውና ወደ ምርጫዎቹ ይዘላል። «ማይ» የምትለዋ ሳትነበብ ትቀራለች።

ስለዚህ የጥያቄውን ጭራ አስቀድመሽ አንብቢ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት ካየሽ በኋላ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ሙሉውን አንብቢ። «ያልሆነው»፣ «የማይገኘው»፣ «ስህተት የሆነው»፣ «የማይመለከተው» ከሚሉት አንዱ ካለ አንድ ምልክት ለራስሽ ያዢ። ፈተናው በወረቀት ከሆነ አስምሪበት። በኮምፒውተር ከሆነ ግን ማስመር የለም። አንዳንድ ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መልሱን እስኪመርጡ ድረስ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ይይዛሉ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። «በስተቀር» የምትለዋን ደግሞ ለብቻዋ ጠብቂያት። እሷ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ አትቆምም፣ መሃል ላይ ነው የምትደበቀው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ «የቱ ነው መልሱ?» የሚለውን ለጊዜው መተው ነው። እያንዳንዱን ምርጫ ለብቻው እውነት ወይም ሐሰት በይው፤ ለእውነቱ ራይት፣ ለሐሰቱ ኤክስ። በዚህች ጥያቄ እንየው፦

በናፍጣ ሞተር ውስጥ የማይገኘው የቱ ነው?
ሀ. ፒስተን
ለ. ካንዴላ
ሐ. ኢንጀክተር
መ. ቫልቭ

የናፍጣ ሞተር ፒስተን አለው? አለው፣ ራይት። ካንዴላ? የለውም። ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ በጣም ተጨምቆ ሲግል ነው፤ የእሳት ብልጭታ አያስፈልገውም። ስለዚህ ኤክስ። ኢንጀክተር? ናፍጣውን የሚረጨው እሱ ነው፣ ራይት። ቫልቭ? ራይት። ሦስት ራይት፣ አንድ ኤክስ ወጣ። መልሱ ከሌሎቹ የተለየው ነው፣ ማለትም ለ። ጥያቄው የሚጠይቀው ያለውን ይሁን የሌለውን ብትረሺ እንኳ፣ ብቻውን የቀረው ራሱን ይጠቁምሻል። «የሚገኘው የቱ ነው?» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ሦስት መልስ ይኖረው ነበር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ አይወጣም።

በነገራችን ላይ፣ ስትለማመጂ ለሐሰት «ሐ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ከምርጫ ሐ ጋር ይምታታብሻል። ራይትና ኤክስ ይሻላል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ስትሳሳቺ ይነግርሻል። «የሚያስጠነቅቅ የመንገድ ምልክት ያልሆነው የቱ ነው?» የሚል መጣ እንበል። ምርጫዎቹ፦ ሀ. ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ፣ ለ. ቅድሚያ ስጥ፣ ሐ. የሚያንሸራትት መንገድ፣ መ. የእንስሳት ማቋረጫ። ብዙ ሰው በልቡ «ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል» ብሎ ይዟል። በዚህ ከሄድሽ አራቱም ራይት ይሆናሉ። አራት ራይት ካገኘሽ ደግሞ አንዱ ላይ ተታለሻል ማለት ነው። ተመለሺና ቅርጻቸውን በዓይነ ኅሊናሽ አምጪ። ሦስቱ ጫፋቸው ወደ ላይ ነው። «ቅድሚያ ስጥ» ግን የተገለበጠ ነው፣ ጫፉ ወደ ታች። እሱ ከፊት አደጋ አለ አይልም፤ ለሌላው ቅድሚያ እንድትሰጪ ያዝዛል። መልሱ ለ ነው። ሁለት ራይትና ሁለት ኤክስ ሲወጣም እንደዚሁ ነው። እጣ ከማውጣትሽ በፊት በጣም ያላመንሽበትን አንዱን መልሰሽ መርምሪ።

አሁን ወደ ከባዱ። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ሲያፈርስ፣ «ሁሉም» እና «መልስ የለም» ደግሞ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፦

ከሚከተሉት ውስጥ ቀድሞ ማለፍ ያልተከለከለበት ቦታ የቱ ነው?
ሀ. ከፊት የሚመጣው የማይታይበት ኩርባ
ለ. የዳገት አናት
ሐ. ሁሉም
መ. መልስ የለም

እዚህ ላይ ጥያቄውን በራስሽ አፍ ገልብጠሽ ተናገሪው። «ያልተከለከለበት» ማለት «የተፈቀደበት» ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የድሮውን ጥያቄ እርሺው። ኩርባ ላይ መቅደም ተፈቅዷል? አልተፈቀደም፣ ኤክስ። የዳገት አናት ላይስ? ከማዶ የሚመጣውን ስለማታዪ አልተፈቀደም፣ ኤክስ። ስለዚህ የተፈቀደበት ቦታ የለም፣ መልሱ መ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስሰጥ ብዙው ሰው ሐ ይላል። ዕውቀት አንሶት አይደለም። ኩርባና ዳገት ሲያይ «ሁለቱም ክልክል ነው» የሚለው ትዝ ይለዋል፣ «ሁለቱም» ደግሞ በቀጥታ ወደ «ሁሉም» ይወስደዋል። እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ «ል» የምትለዋን ከዘለልሻት «መልስ የለም» የነበረው «ሁሉም» ይሆናል። ሁለቱ ምርጫዎች አብረው በመጡ ቁጥር የጥያቄውን ጭራ ሁለተኛ ጊዜ አንብቢ።

ስትገለብጪ ግን ጥንቃቄ አለ። «ስህተት ያልሆነ» ትክክል ነው፣ «ያልተከለከለ» የተፈቀደ ነው። «ግዴታ ያልሆነ» ግን «ክልክል» አይደለም። «ለአሽከርካሪ ግዴታ ያልሆነው የቱ ነው?» ከተባለ፣ መልሱ ቢደረግ ምንም ችግር የሌለው ነገር ሊሆን ይችላል፤ መኪናውን በየቀኑ ማጠብ ለምሳሌ። ክልክል የሆነ ነገር ፍለጋ ከገባሽ አታገኚውም።

ወደ «ሁሉም» ልምጣ። ሦስት ምርጫና አንድ «ሁሉም» ካለ፣ ሦስቱንም ማወቅ አይጠበቅብሽም። ጥያቄው አንድ መልስ ብቻ ስላለው፣ ሁለቱ ትክክል መሆናቸውን በእርግጠኝነት ካወቅሽ ሦስተኛው ባይገባሽም መልሱ «ሁሉም» ነው። በተቃራኒው አንዱ ስህተት መሆኑን እርግጠኛ ከሆንሽ «ሁሉም» ወድቋል። «የሞተር ከመጠን በላይ መሞቅ ምክንያት የሚሆነው የቱ ነው?» ተብሎ ሀ. የራዲያተር ውሃ ማነስ፣ ለ. የቬንትሌተር ቺንጋ መበጠስ፣ ሐ. የቴርሞስታት ተዘግቶ መቅረት፣ መ. ሁሉም ቢል፣ ቴርሞስታት ምን እንደሆነ ባታውቂም ችግር የለም። ውሃና ቺንጋው ይበቁሻል።

ይህ ሕግ የሚፈርስባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው «ሀ እና ለ» የሚል ምርጫ ሲኖር ነው። ያኔ ሁለት ትክክል ማግኘት አይበቃም፤ ሐን የግድ መፍረድ አለብሽ። ሐ ስህተት መሆኑን እስካላወቅሽ ድረስ «ሁሉም» አለመሆኑን አታውቂም።

ሁለተኛው ጥያቄው ውስጥ «በመጀመሪያ»፣ «ዋናው» ወይም «ይበልጥ» የሚል ቃል ሲኖር ነው። «አደጋ የደረሰበት ቦታ ስትደርስ በመጀመሪያ ማድረግ ያለብህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ላይ የደም መፍሰስን ማቆም፣ ፖሊስ መጥራት፣ ቦታው ሌላ አደጋ እንዳያመጣ መጠበቅ ቢዘረዘሩ ሦስቱም መደረግ ያለባቸው ናቸው። መጀመሪያ የሚደረገው ግን አንድ ነው፤ ሌላ መኪና መጥቶ አንቺንም ተጎጂውንም እንዳይገጭ ቦታውን ማስጠበቅ። ሦስቱም እውነት ስለሆኑ ብቻ «ሁሉም» ካልሽ ያቺን አንዲት ቃል ዘለሻታል።

«ስህተት የሆነው የቱ ነው?» ሲባል «በማንኛውም ሁኔታ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ብቻ» የሚል ያለበትን ምረጪ የሚል ምክር ትሰሚ ይሆናል። ለመጠርጠር ይጠቅማል፣ ለመወሰን ግን አይበቃም። «አረንጓዴ ሲበራ በማንኛውም ሁኔታ ማለፍ ይቻላል» ስህተት ነው፤ እግረኛ ገና እያቋረጠ ሊሆን ይችላል። «ሞተሩ ግሎ ሳለ የራዲያተር ክዳን በማንኛውም ሁኔታ አይከፈትም» ግን ልክ ነው፤ የታመቀው ትኩስ ውሃ ፊትሽ ላይ ይፈነዳል። ቃሏ አንድ ዓይነት ናት፣ ፍርዱ ግን ለየቅል ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ልምምድ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን የጥያቄ ወረቀቶች ስትሠሪ መልሳቸውን አምነሽ አትሸምድጂ። ደጋግመው ሲተየቡ በብዛት የምትጠፋው ያቺው «ል» ወይም «ማይ» ናት። «ትክክል የሆነው የቱ ነው?» ብሎ ሦስት ራይትና አንድ ኤክስ ካገኘሽበት፣ የቁልፉ መልስ ደግሞ ኤክሷ ከሆነች፣ የተበላሸው ጥያቄው ነው፤ «ያልሆነው» ብለሽ በእስክርቢቶ አስተካክይና እለፊ። ራይትና ኤክስሽ ከቁልፉ ጋር በየትኛውም በኩል ካልገጠመ ግን ለአሰልጣኝሽ ውሰጂለት።