«የግድ ስለሆነ ሠራነው» ብሎ ቫሪዬሽን አይጠየቅም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በ1999ኙ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ ውል የጂ+4 ሕንፃ እየሠራን ነው። አሠሪው የግል ድርጅት ነው። 24ቱ የፉቲንግ ጉድጓዶች 2.50 በ2.50 ሜትር ሆነው፣ በሥዕሉ ላይ ጥልቀታቸው 1.50 ሜትር ነበር። አፈሩ መረሬ ሆኖ ስለተገኘ ሬዚደንት መሐንዲሱ አንድ ሜትር ጨምረን ቆፍረን በሰሌክት ማቴሪያል እንድንሞላ ነገረን፤ ሞላን። ያለዚህ ሥራ ሕንፃው እንደማይቆም ገልጸን ገንዘብና 20 ቀን ስንጠይቅ፣ አማካሪው «በመጀመሪያው የሥራ ወሰን ውስጥ ያለ ነው» ብሎ መለሰው። የቫሪዬሽኑን፣ ማለትም የሥራ ለውጡን፣ ፕሮፖዛል እንዴት እንጻፈው?

መልስ፦ «ነገረን፤ ሞላን» ብለው አልፈዋል። በሁለቱ ቃላት መካከል የትኛው ወረቀት አለ? ቀኑስ መቼ ነበር? ደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ቀን አለመጻፉን ሳይ፣ ትእዛዙ በአፍ ብቻ የቀረ መሰለኝ። በውልዎ አንቀጽ 13.1 መሠረት መሐንዲሱ ሳያዝ ወይም ሳያጸድቅ በሥራው ላይ ለውጥ ማድረግ አይችሉም። የቃል ትእዛዝ ደግሞ በአንቀጽ 3.3 እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ የሚቆጠረው፣ እርስዎ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሲያረጋግጡትና እሱም በሚቀጥሉት ሁለት የሥራ ቀናት በጽሑፍ ሳይቃወም ሲቀር ነው። ሬዚደንት መሐንዲሱ ይህን የማዘዝ ሥልጣን በውክልና ተሰጥቶት እንደሆነም ይመልከቱ፤ የውክልናው ደብዳቤ ቅጂ እጅዎ ላይ መኖር አለበት።

ያላረጋገጡ ከሆነ፣ የሳይት ቡኩን ገጽ፣ ጉድጓዱን እንዲያዩልዎት የጠየቁበትንና የተፈረመበትን ቅጽ፣ የጥቅጠቃ ምርመራ ውጤቶቹን፣ በጋራ የተለካበትን ቴክ ኦፍ ሺት ሰብስቡ። ሬዚደንቱን ወደኋላ ቀን ያለው ደብዳቤ እንዲጽፍልዎት ግን አይለምኑት። ብዙዎች ያደርጉታል፤ ክርክሩ ወደ ግልግል ሲሄድ ጠቅላላ ማስረጃዎን የሚያበላሸው ያ አንድ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልምጣ። ተቋራጮች ደጋግመው የሚወድቁበት ነው። «ያለዚህ ሥራ ሕንፃው አይቆምም» ብለው ሲጽፉ የሥራውን አስፈላጊነት አስረዱ እንጂ ከውሉ ውጭ መሆኑን አላስረዱም። እንዲያውም ለአማካሪው መልሱን አቀበሉት፤ ሕንፃው እንዲቆም የሚያስፈልገውን መሥራት የተቋራጩ ግዴታ ነው ይልዎታል። መረሬ ማግኘትዎን ማጉላቱም አደጋ አለው። የአፈር ጥናቱ ከጨረታው በፊት ተሰጥቶዎት ከነበረና መረሬው እዚያ ተጽፎ ከሆነ፣ «ልምድ ያለው ተቋራጭ ሊገምተው ይገባ ነበር» ይባላሉ። ቢሳካልዎት እንኳ ባልተጠበቀ የመሬት ሁኔታ፣ ማለትም በአንቀጽ 4.12 የሚከፈለው ወጪ ነው፤ ትርፍ የለበትም።

ስለዚህ ማስረዳት ያለብዎት ልዩነቱን ነው። በሥዕሉ ላይ የፉቲንጉ መቀመጫ 1.50 ሜትር ላይ ነው። የታዘዘው ቁፋሮ 2.50 ሜትር ነው። አንቀጽ 13.1(ሐ) የከፍታ መጠን፣ የቦታና የልኬት ለውጥን በግልጽ ቫሪዬሽን ይለዋል። ከፉቲንጉ ሥር ያለው የሰሌክት ሙሊት ደግሞ በሥዕሉም፣ በሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ በቢኦኪውም ከሌለ ተጨማሪ ሥራ ነው። ይህ ሲሆን አፈሩን ማን መገመት ነበረበት የሚለው ጥያቄ ዋጋ ያጣል፤ የሥዕሉን ልኬት የሰጠው አሠሪው ነውና። የሥዕሉን ቁጥርና የሪቪዥን ቀኑን፣ የቢኦኪውን ተራ ቁጥር፣ የስፔሲፊኬሽኑን አንቀጽ በአንድ በኩል፣ የታዘዘውን በሌላ በኩል አድርገው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ምክንያትዎ ከዚህ የረዘመ መሆን የለበትም።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ቦታ ያንብቡ። የመጀመሪያው የቢኦኪው መግቢያ ነው። «የቁፋሮው ዋጋ ውኃ መሳብንና ግድግዳ መደገፍን ያካትታል» የሚል ካለ፣ እነዚህን ለብቻ አይጠይቁ፤ አንድ የማይገባ ጥያቄ የቀረውን ያስጠረጥራል። ሁለተኛው በሥዕሉ ጠርዝ ያለው አጠቃላይ ማስታወሻ ነው። «ጥልቀቱ በሳይት በመሐንዲሱ ይወሰናል» የሚል ይኖራል ብዬ እገምታለሁ፤ የአማካሪው መልስም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ይህ ማስታወሻ እንዲቆፍሩ ያስገድድዎታል፤ በነፃ ቆፍሩ ግን አይልም፣ ምክንያቱም ውልዎ የሚከፍለው በተለካው መጠን ነው። ሙሊትን ደግሞ ጨርሶ አያነሳም። በልዩ ሁኔታዎች ክፍል ይህ የመለካት ደንብ ተቀይሮ እንደሆነ ግን ውሉን የሚያይ የሕግ ባለሙያ ያረጋግጥልዎት።

ዋጋውን ለሁለት ይክፈሉት። ተጨማሪው ቁፋሮ 2.50 × 2.50 × 1.00 × 24፣ ማለትም 150 ሜትር ኩብ ነው። ቢኦኪው ከ1.50 ሜትር በላይ ለሆነ ጥልቀት ተራ ካለው፣ በዚያው ዋጋ ይሰላል፤ አዲስ ትንተና አያስፈልገውም። ሙሊቱ ዋጋ ስለሌለው በተለመደው የዋጋ ትንተና ቅጽ ይሠራል። ስሌቱን ለማሳየት ያህል እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ማቴሪያል ልቅ ሆኖ ሜትር ኩቡ 900 ብር ቢገዛና ለአንድ የተጠቀጠቀ ሜትር ኩብ 1.25 ልቅ ቢፈጅ 1,125 ብር ነው። ይህችን 1.25 የሚረሳ ተቋራጭ አንድ አምስተኛ ማቴሪያሉን ከኪሱ ይከፍላል። ቡድኑ በሰዓት 4 ሜትር ኩብ የሚሞላ ከሆነ፣ የሰው ኃይል በሰዓት 400 ብር ሲካፈል 100፣ መሣሪያ በሰዓት 1,100 ብር ሲካፈል 275 ይመጣል። ቀጥታ ወጪው 1,500 ብር ሆነ። ኦቨርሄድና ትርፍ 25 በመቶ ሲጨመር 1,875፣ በ150 ሲባዛ 281,250 ብር ነው፤ ቫቱ ለብቻ ይታያል። 25 በመቶውን ከጨረታው የዋጋ ትንተናዎ ይውሰዱት። እዚያ 20 ብለው እዚህ 30 ካሉ አማካሪው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። በለውጡ የቀረ ሥራ ካለም፣ ለምሳሌ የወጣውን አፈር መልሶ መሙላት፣ እርስዎው ቀንሰው ያሳዩ።

የ20 ቀኑ ነገር አሳስቦኛል። ከላይ ባስቀመጥሁት በሰዓት 4 ሜትር ኩብ ከተሰላ፣ 150ው በ8 ሰዓት የሥራ ቀን አምስት ቀን አይሞላም። ለቁፋሮው አንድ ቀን፣ ለጥቅጠቃው ምርመራ ጥቂት ቀን ቢጨመር እንኳ ሃያ አይደርስም፤ አንዱ ረድፍ ሲጠቀጠቅ ሌላው ስለሚቆፈርም ቀኖቹ እንዲሁ አይደመሩም። የሚጠየቀው በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ የመጀመሪያው የፉቲንግ ኮንክሪት የዘገየበት ነው። የቀሩት ቀናት የት ሄዱ? ግምቴ፣ ጉድጓዱ ተከፍቶ ውሳኔ ስትጠብቁ ያለፉ ናቸው። ያ የቫሪዬሽኑ ጊዜ አይደለም። ሥራውን ያስቆመው መሐንዲሱ ከሆነ አንቀጽ 8.8 እና 8.9፣ መመሪያ ዘግይቶ ከሆነና አስቀድመው ካሳወቁ አንቀጽ 1.9 ነው። በየስሙ ለይተው ያቅርቡት፤ ተደባልቆ ከቀረበ ሁለቱም ይወድቃሉ።

«የጊዜውን በኋላ እናቀርባለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጻፉ ደግሞ ዛሬውኑ ያውጡት። ጊዜው በፕሮፖዛሉ ካልተስማሙበት በአንቀጽ 20.1 ሁኔታውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ መስጠት አለብዎት፤ ካለፈ ጊዜውም ገንዘቡም ይቀራል። ዝርዝሩ በ42 ቀን ይከተላል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 ውሉ ለእናንተ ሕግ ነውና «አላወቅሁም» አያድንም። ጉድጓዱ የተከፈተበትን ቀን ሳይት ቡኩ ላይ ይፈልጉና ይቁጠሩ። 28ው ካልሞላ፣ ስሌቱ እስኪያምር ሳይጠብቁ አንድ ገጽ ማስታወቂያ አስገብተው ቅጂው ላይ ያስፈርሙ። ከሞላ ግን ሌላ ደብዳቤ አይጻፉ፤ ውሉን ከልዩ ሁኔታዎቹ ጋር፣ የተላላካችሁትን በሙሉ ይዘው መጀመሪያ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ ቀጣዩ ደብዳቤዎ ቀኑን በራስዎ እጅ ሊያምንብዎት ይችላል።