መግቢያውን ተውና ከቡናው ጀምር

ጥያቄ፦ «ስለ ቡና አደራረቅ ለገበሬዎች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። "በአሁኑ ዘመን ቡና ለአገራችን ኢኮኖሚ ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው" ብዬ ጀመርኩ። ያነበቡት ሁሉ አሰልቺ ነው አሉኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር አውጣው። «ቡና»ን በ«ሰሊጥ» ተካና አንብበው፤ ምንም አይጎድለውም። ስለ ቡና ገና ምንም አልነገርከንም ማለት ነው። ደግሞ ገበሬው የቡናን ጥቅም ከማናችንም በላይ ያውቃል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ፦ «ቀይ እሸት ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ በወፍራሙ ከተሰጣ ከሥር ያለው ይሻግታል። በስሱ አስጡት፤ ቶሎ ቶሎ አገላብጡት። እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይሰበሰባል።» ጥፋቱም፣ መፍትሔውም፣ ልኩም ከመነሻው ተነገረ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። መግቢያው ሲወጣ ቀጣዩ አንቀጽ «ስለዚህም» ወይም «ይህ ዘርፍ» እያለ የሌለ ነገር ሊጠቁም ይችላል። እሱንም አስተካክል።

ጽሑፉ የበጀት ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ጥቅሙን ማንሳት ግድ ነበር። ያኔም በደፈናው አይሆንም፤ ባለፈው ዓመት በወረዳው ስንት ኩንታል በሻጋታ እንደተበላሸ ትጽፋለህ።